ዝናብ ከጣለ «አንደር» ነው? ስለ ነፋስ፣ ዝናብና የጎል ብዛት

የፒያሳው ልጅ

ሰላም ለሁላችሁ። የምውለው ፒያሳ ነው። እኛ ሰፈር ቤቲንግ ቤት ውስጥ አንድ የማይነካ ሕግ አለ። ዝናብ ከዘነበ አንደር 2.5 ነው፣ ማለት ጎሉ ከሦስት ያንሳል ብሎ መቁረጥ። የእንግሊዝ ጨዋታ ሊጀመር ሲል ስክሪኑ ላይ ዝናብ ከታየ ሰው ሁሉ ወደ አንደር ይዞራል። ባለፈው ቅዳሜ እኔም አብሬ ዞርኩ። ዝናቡ 90 ደቂቃ ሙሉ አላባራም። ጨዋታው 3 ለ 2 አለቀ።

አንድ ቲኬት ተበላሁ ብዬ አይደለም የጻፍኩት። ነገሩን ከሥሩ ማወቅ ፈልጌ ነው። ዝናብና ነፋስ እውነት ጎል ይቀንሳሉ? ከቀነሱስ እንዴት አድርገው ነው?

ሌላም ነገር አለ። ማታ ማታ ስልክ ላይ የአሜሪካ ቤዝቦል ይወጣል። እዚያ የአንድ ሜዳ ጠቅላላ ነጥብ አንድ ቀን 7 ተብሎ ይወጣል፣ ሌላ ቀን 11። ሜዳው ያው፣ ቡድኑም ያው። አንድ ልጅ «ነፋሱን አይተው ነው» አለኝ። የምታውቁ ካላችሁ ከነምክንያቱ አስረዱን።

ካዛንቺስ 10

ብሮ ይሄ ምን ያከራክራል? ዝናብ ሲኖር አየሩ እርጥብ ነው። እርጥብ አየር ደግሞ ከባድ ነው። ኳስ አየሩን መቅደድ ያቅታታል፣ ቶሎ ትወድቃለች። ሜዳውም ይጨቀያል። ስለዚህ አንደር ነው። ያንተ 3 ለ 2 አጋጣሚ ነው። ቤዝቦልም ላይ ያው ነው።

ነፋስ ግን ምንም ማለት አይደለም። ለሁለቱም ቡድን እኩል ስለሚነፍስ ይጣፋል።

የጃንሜዳ በረኛ

እኔ ውርርድ አልጫወትም፣ ግን ስለ ዝናብ የምለው አለኝ። ጃንሜዳ ላይ ልጆች በረኛ አሰለጥናለሁ።

ሁለት ዓይነት ዝናብ አለ። አንደኛው ሳሩን የሚያረጥብ ካፊያ ነው። እሱ ሲሆን ኳስ መሬት ስትነካ አትነጥርም፣ ትንሸራተታለች። በረኛው በደረቅ ሜዳ በለመደው ሰዓት ይወድቃል፣ ኳሷ ግን ቀድማው አልፋለች። ጓንቱ ከራሰ ደግሞ ጥብቅ አድርጎ መያዝ ይከብደዋል፣ ይተፋታል። የተተፋችው ኳስ ፊት ለፊት ለቆመው አጥቂ ትሆናለች። በእንዲህ ያለ ቀን ልጆቼን «አትያዙ፣ ወደ ጎን ምቱ» እላቸዋለሁ።

ሁለተኛው ውሃ የሚያቆር ዝናብ ነው። ያኔ ኳስ ኩሬው ላይ ቀጥ ትላለች። አቀብዬ እሮጣለሁ ያለው ሰው ኳሷን ጥሏት ይሄዳል። ጎል የሚጠፋው ያኔ ነው።

እና እናንተ «ዝናብ» ስትሉ የትኛውን ነው?

ሜትሮ

የጃንሜዳው ወንድሜ ዋናውን ነገር ነክቶታል። እኔ ሥራዬ የአየር ትንበያ ነው፣ ለአውሮፕላን የሚሆነውን። ቤዝቦል ደግሞ አሜሪካ ስማር የለመድኩት ጨዋታ ነው። ሁለቱን አገናኝቼ የማወራበት አጋጣሚ ስለማላገኝ ትንሽ ልዘርዝር።

መጀመሪያ ካዛንቺስ 10 ያልከውን ላስተካክል። ሜዳ መጨቅየቱ ልክ ነህ። እርጥብ አየር ከባድ ነው የሚለው ግን የተገላቢጦሽ ነው። የውሃ እንፋሎት በአየር ውስጥ ካሉት ከናይትሮጅንና ከኦክስጅን ይልቅ ይቀላል። አየሩ እንፋሎት በያዘ ቁጥር፣ ሙቀቱና ግፊቱ ካልተለወጠ፣ ቀለል ነው የሚለው። ልዩነቱ በጣም ትንሽ ነው፣ በዓይን አይታይም። ከባድ የሚመስለን ላባችን አልደርቅ ስለሚለን ነው። ከዝናብ ጋር የሚመጣው ቅዝቃዜ ግን አየሩን በእርግጥ ያከብደዋል። ቤዝቦል ላይ በቀዝቃዛ ቀን ኳስ በጥቂት ሜትር ታጥራለች።

«ለሁለቱም እኩል ስለሆነ ይጣፋል» የሚለውም አያስኬድም። ማን ያሸንፋል ብለህ ብትጠይቅ ያስኬድ ነበር። እዚህ የተጠየቀው ጠቅላላው ስንት ይሆናል ነው። ነፋሱ ሁለቱንም ቡድን እኩል ካገዘ ድምሩ ያድጋል። ሁለቱንም እኩል ካፈነ ድምሩ ይወርዳል። እኩል መሆኑ ራሱ ነው ድምሩን የሚያንቀሳቅሰው።

ወደ ቤዝቦሉ ልምጣ። ልጁ የነገረህ እውነት ነው፣ ያየኸው ሜዳም የቺካጎው ሪግሊ ፊልድ ይመስለኛል። ሚሺጋን ሐይቅ ሁለት ኪሎ ሜትር እንኳ አይርቀውም። ከሐይቁ ቀዝቃዛ ነፋስ ሲመጣ ወደ መቺው ፊት ይነፍሳል። በበጋ ከደቡብ ምዕራብ ሲነፍስ ደግሞ ኳስን ወደ አጥሩ ይሸከማል። ቤቲንግ ቤቶቹ የሌላውን ሜዳ ቁጥር ከማታው ጀምረው ያወጣሉ። የሪግሊን ግን ብዙ ጊዜ የዕለቱ ነፋስ እስኪታወቅ ያቆዩታል።

ምን ያህል ይደርሳል ካላችሁ፣ ግንቦት 9 ቀን 1971 ዓ.ም. (እንደ ፈረንጆቹ ሜይ 17፣ 1979) ፊላዴልፊያ ቺካጎን እዚያው ሜዳ 23 ለ 22 አሸነፈ። ነፋሱ ወደ ውጭ ይነፍስ ነበር። 11 ሆምራን ተመታ፣ አጥሩን ዘልሎ የሚወጣ ምት ማለት ነው። አሸናፊውን ማይክ ሽሚት በ10ኛው ኢኒንግ፣ በ10ኛው ዙር ማለት ነው፣ መታው።

የፒያሳው ልጅ

ሜትሮ ተባረክ። ግን አልገባኝም። ነፋስ ኳስን በስንት ሜትር ነው የሚገፋት? ሁለት ሦስት ሜትር ከሆነ 7 የነበረው እንዴት 11 ይሆናል? ደግሞ እኔ እዚህ ፒያሳ ቁጭ ብዬ የቺካጎን ነፋስ በምን አውቃለሁ?

ሜትሮ

ከሁለት ሦስት ሜትር ይበልጣል። ሜዳ ለቅቃ 120 ሜትር ገደማ የምትበር ኳስ ከኋላዋ በሰዓት 8 ኪሎ ሜትር የሆነ ነፋስ ቢያገኛት ወደ 6 ሜትር ይረዝምላታል። 8 ኪሎ ሜትር ማለት እኮ ቅጠል የሚያወዛውዝ ለስላሳ ነፋስ ነው። ከፊት ሲመጣ ደግሞ የሚያሳጥረው ከዚህም ትንሽ ይበልጣል። የአየር ግፊያ ኳሷ አየሩን በምትገጥምበት ፍጥነት ልክ ብቻ አይጨምርም፣ በካሬው ነው የሚጨምር። ስለዚህ የፊት ነፋስ ከሚሰጠው የኋላ ነፋስ የበለጠ ይወስዳል።

አሁን የቺካጎን ነፋስ እናንብብ። አየር ማረፊያዎች በየሰዓቱ ሜታር የሚባል አጭር መስመር ያወጣሉ። ማንም ሰው ኢንተርኔት ላይ በነፃ ያየዋል። የሚድዌይ አየር ማረፊያ በጨዋታ ቀን እንዲህ ብሎ ቢወጣ፦

```
KMDW 141753Z 22018G27KT 10SM FEW045 28/14 A2988
```

141753Z ማለት በ14ኛው ቀን፣ በዓለም ሰዓት 17:53። ለእኛ ከምሽቱ 2:53 ነው። ሪግሊ የቀን ጨዋታ ብዙውን ጊዜ በነሱ 1:20 ከሰዓት ይጀመራል፣ በኛ ከምሽቱ 3:20 ማለት ነው። ስለዚህ ይህ መስመር ጨዋታው ሊጀመር ግማሽ ሰዓት ሲቀረው የወጣ ነው።

ዋናው 22018G27KT የሚለው ነው። 220 ነፋሱ የሚመጣበት አቅጣጫ ነው፣ የሚሄድበት አይደለም። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ይገለብጠዋል። 220 ዲግሪ ደቡብ ምዕራብ ነው። 18 ፍጥነቱ በኖት ነው፣ በሰዓት 33 ኪሎ ሜትር ገደማ። G27 ድንገት ድንገት የሚመጣው ብርቱ ነፋስ ነው፣ 50 ኪሎ ሜትር። 28 ሙቀቱ ነው።

ቀጥሎ ሜዳው ወዴት እንደሚያይ ማወቅ ነው። ሪግሊ ላይ መቺው ቆሞ ወደ መሐል ሜዳው ጫፍ ሲያይ ፊቱ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ነው፣ 40 ዲግሪ ገደማ። ከ220 የመጣ ነፋስ ወደ 40 ይሄዳል። ስለዚህ ነፋሱ በቀጥታ ወደ አጥሩ ነው።

33ቱን እንዳለ አትውሰዱት። አየር ማረፊያ ገላጣ ቦታ ነው፣ የሚለካውም 10 ሜትር ከፍታ ላይ ነው። ስታዲየሙ ግንብና መቀመጫ አለው። ግማሹ ኳሷ ላይ ደረሰ እንበል፣ በሰዓት 16 ኪሎ ሜትር። ያለ ነፋስ 108 ሜትር ላይ የምትወርድ ኳስ 118 ላይ ትወርዳለች። በግራ መሐል በኩል አጥሩ 112 ሜትር ላይ ነው፣ ቁመቱ 3 ሜትር ተኩል ነው። ያለ ነፋስ አጥሩ ሥር ትያዝ የነበረችው ኳስ አሁን አጥሩን ዘልላ ሆምራን ሆነች። ያው ነፋስ ከሐይቁ ቢመጣ 120 ሜትር ልትሄድ የነበረችው ኳስ 110 ሳትሞላ ትያዛለች።

አንድ ጨዋታ ውስጥ እንዲህ አጥሩ አካባቢ የሚያልቁ ኳሶች በርከት ይላሉ። ሁለት ሦስቱ ከመያዝ ወደ ሆምራን ሲዞሩ፣ ቤዝ ላይ የቆሙ ሰዎችም ስለሚገቡ፣ አራት ነጥብ ሩቅ አይደለም።

ካዛንቺስ 10

እሺ፣ ነፋሱን ተቀብያለሁ። ግን እንዲህ ቀላል ከሆነ ሁሉም ሰው ሜታር አይቶ ሀብታም አይሆንም ነበር?

ሜትሮ

ቀላል አይደለም። ሪግሊ ላይ የሚያሳስት ነገር አለ። በፀደይና በበጋ መጀመሪያ ሐይቁ ገና ቀዝቃዛ ነው፣ መሬቱ ግን ይግላል። ከሰዓት በኋላ ቀዝቃዛው የሐይቅ አየር ወደ መሬት ይገባል። አየር ማረፊያው ከሐይቁ ራቅ ስለሚል እሱ ዘንድ ገና ከደቡብ ምዕራብ ይነፍሳል። ስታዲየሙ ግን ሐይቁ ጥግ ስለሆነ ነፋሱ ተገልብጦበታል። ሜታሩ «ወደ ውጭ» ይልሃል፣ ሜዳው ላይ ወደ ውስጥ ነው።

ከላይ ባሳየኋችሁ 18 ኖት ይህ እምብዛም አይሆንም፣ የሐይቁ ነፋስ ይሸነፋል። ነፋሱ 5 ወይም 6 ኖት ሲሆን ነው መጠንቀቅ። መለያው ደግሞ ሐይቁ ዳር ያለው የሙቀት ልኬት ነው፣ በአንድ ሰዓት ውስጥ ድንገት ብዙ ከወረደ የሐይቁ አየር ገብቷል። ቴሌቪዥን የሚያይ ሰው ከመሐል ሜዳው ጀርባ ያለው የውጤት ሰሌዳ ላይ የሚውለበለቡትን ባንዲራዎች ይይ። እነሱ እዚያው ናቸው፣ አያሳስቱም።

የወርዋሪውም ዓይነት አለ። ኳስን መሬት ለመሬት የሚያስመታ ወርዋሪ ከሆነ ነፋሱ የሚያነሳው ኳስ የለም።

ሳራ ከአራት ኪሎ

ይቅርታ፣ እኔ ርዕሱን ሳይ ስለ አሜሪካው ፉትቦል መስሎኝ ነው የገባሁት። ወንድሜ ሚኒሶታ ነው የሚኖረው፣ ስልክ ላይ አብረን ኤንኤፍኤል እናያለን። የሱ ቡድን የሚጫወትበት ስታዲየም ጣሪያ ስላለው ውጭ በረዶ ቢወርድም ለጨዋታው ምንም ነው። መጀመሪያ ጣሪያ አለው የለውም ብሎ መጠየቅ የሚረሳ ብዙ ሰው አለ።

ግን አንድ ጨዋታ ከአእምሮዬ አይወጣም። በፈረንጆቹ ዲሴምበር 6፣ 2021 ኒው ኢንግላንድ ቡፋሎ ሄዶ የተጫወተው። ሜዳው ክፍት ነው፣ ነፋሱ የጎሉን ቋሚዎች ያወዛውዝ ነበር። ኒው ኢንግላንድ ጨዋታውን ሙሉ 3 ጊዜ ብቻ ነው ኳስ በእጅ የወረወረው። 46 ጊዜ ይዞ ሮጠ። 14 ለ 10 አሸነፈ። ድምሩ 24 ማለት ነው፣ ለዚያ ጨዋታ በጣም ትንሽ ነው።

ወንድሜ ያስረዳኝ እንዲህ ነው። ሰው ሁሉ ነፋስ ኳሱን ያጣምማል ብቻ ነው የሚለው። ሰዓቱንም አስቡት። የተወረወረች ኳስ መሬት ከወደቀች ሰዓቱ ይቆማል። ይዞ የሮጠ ሰው ሜዳ ውስጥ ከተጣለ ግን ሰዓቱ ይሮጣል። ስለዚህ መወርወር ሲቀር ጨዋታው በሙሉ ያጥራል፣ ኳስ የሚያዝበት ዙር ይቀንሳል። በዚያ ላይ አሰልጣኞች በእግር የሚመታውን 3 ነጥብ አያምኑትም። ያን ቀን ኒው ኢንግላንድ ጎል ካገባ በኋላ አንዷን ነጥብ በእግር ከመምታት ሁለት ነጥብ በሩጫ ሞከረ፣ ተሳካለትም። ቡፋሎ በቅርብ ርቀት የሳተው የእግር ምትም ነበር።

ዝናብ ብቻውን ግን እዚያም እንደሚወራው አይደለም ይለኛል። ተቀባዩ ወዴት እንደሚታጠፍ ያውቃል፣ ተከላካዩ አያውቅም። ሜዳው ሲያንሸራትት ቀድሞ የሚወድቀው የማያውቀው ነው።

የጃንሜዳ በረኛ

እህቴ ያልሽው ስለ ተከላካይ በእግር ኳስም ይሠራል። እርጥብ ሜዳ ላይ ዞሮ የሚያባርረው ነው የሚንሸራተተው።

የድሮ ደጋፊ

ልጆች፣ ስለ ዝናብ ስታወሩ የ1974ቱን (በፈረንጅ) የዓለም ዋንጫ ያነሳ የለም። ምዕራብ ጀርመንና ፖላንድ ፍራንክፈርት ላይ ሐምሌ መግቢያ ተጋጠሙ። ከጨዋታው በፊት ዶፍ ወርዶ ሜዳው ኩሬ ሆነ። የእሳት አደጋ ሠራተኞች በፓምፕ ውሃ ሲስቡ ጨዋታው ዘገየ። ፖላንዶች ላቶና ጋዶቻ የሚባሉ ሁለት ፈጣን የክንፍ ተጫዋቾች ነበሯቸው። ኳስ ውሃው ላይ እየቆመች ፍጥነታቸው ገደል ገባ። ጀርመኖች ፍፁም ቅጣት ምት እንኳ አግኝተው በረኛው ቶማሼቭስኪ አዳነ። በመጨረሻ ጌርድ ሙለር አገባ፣ 1 ለ 0።

ያ ጨዋታ ደረቅ ሜዳ ላይ ቢሆን ኖሮ ብዙ ጎል ይታይ ነበር ብዬ እስከዛሬ እከራከራለሁ።

ካዛንቺስ 10

ጋሼ ተባረኩ! ይኸው፣ ዝናብ አንደር ነው ያልኩት ይሄንን ነው።

የድሮ ደጋፊ

አይ ልጄ። እኔ የነገርኩህ ስለ ኩሬ ነው። ዛሬ የእንግሊዝ ትልልቅ ሜዳዎች ከሥራቸው አሸዋና ቱቦ አለ። ውሃው ቶሎ ይሰርጋል። እዚያ ዝናብ ስታይ የምታየው የጃንሜዳው ልጅ መጀመሪያ ያለውን ነው፣ ኳስ የምትፈጥንበትን። ቡድኖቹ ራሳቸው ደረቅ ቀን ላይ ከጨዋታ በፊት ሜዳውን ውሃ ያጠጡት የለም ወይ? ኳስ እንድትፈጥንላቸው ነው።

የጃንሜዳ በረኛ

ጋሼ ያሉት ነው። ቴሌቪዥን ላይ ለመለየት ቀላል ነው። ሲያሟሙቁ መሬት ለመሬት የሚቀባበሉትን እዩ። ኳሷ ከኋላዋ ውሃ እየረጨች ከዘገየች ውሃ ቆሟል። ሳትረጭ ሸርተት ብላ ካለፈች ሜዳው ጥሩ ነው። ዳኛውም የሚያደርገው ይሄንኑ ነው፣ ኳስ ከላይ ይጥላል፣ ይነጥራል አይነጥርም ያያል፣ ያንከባልላል።

ነፋስን በተመለከተ ግን የኛ ጨዋታ ከቤዝቦሉ ይለያል። ቤዝቦል ላይ ሁለቱም ቡድን ወደ አንድ አቅጣጫ ነው የሚመታው። እኛ በእረፍት ጎል እንቀያየራለን። ነፋስ ከኋላው ያለ ቡድን ከሩቅ ይሞክራል፣ ግን ረጃጅም ኳሶቹ ሁሉ እየረዘሙበት ለበረኛ ወይም ለውጭ ይሆናሉ። ከፊቱ ያለው ደግሞ የበረኛ ምቱ ከመሐል ሜዳ አታልፍለትም፣ አጥብቦ ይከላከላል። ብዙ ጊዜ ጨዋታው ይበላሻል እንጂ ጎል አይበዛም።

አልፎ አልፎ ግን ጉድ ይታያል። በ2013 (በፈረንጅ) ኅዳር መግቢያ ስቶክና ሳውዝሃምፕተን ሲጫወቱ የስቶኩ በረኛ ቤጎቪች ከራሱ ክልል ጠለዛት። ነፋሱ ይዟት ሄዶ ከሳውዝሃምፕተን በረኛ ፊት ነጥራ አናቱን አልፋ ገባች። ጨዋታው ገና 13 ሰከንዱ ነበር። ያም ሆኖ ጨዋታው 1 ለ 1 ነው ያለቀው።

የፒያሳው ልጅ

ስለዚህ ያን ቀን እኛ አንደር ስንቆርጥ ያየነው ሳሩን የሚያረጥበውን ዝናብ ነው። አሁን ገባኝ። ግን ካዛንቺስ 10 የጠየቀው አልተመለሰም። ይሄን ሁሉ ባውቅ ቁጥሩ ላይ ይጠቅመኛል?

ቆራጭ

እኔ ስታዲየም አካባቢ ቤት ውስጥ ቲኬት እቆርጣለሁ። ከመስኮቱ ጀርባ ሆኜ የማየውን ልንገርህ።

የምታየው ቁጥር ነፋሱን አይቶ የወጣ ነው። ሜትሮ የነገረህን ሜታር እነሱም ያነባሉ፣ ከኛ ቀድመው። ሪግሊ ላይ 11 የተጻፈው ነፋሱ ወደ ውጭ ስለሆነ ነው። አንተ ደግሞ «ነፋሱ ወደ ውጭ ነው» ብለህ ኦቨር 11 ከቆረጥክ ምንም አዲስ ነገር አላወቅክም። ዋጋው ውስጥ ገብቶ የተከፈለበት ነገር ነው። እግር ኳስ ላይ 2.5 የሚለው ቁጥር ብዙ ጊዜ ባለበት ይቆያል፣ ኦዱ ግን ይንቀሳቀሳል። ትናንት 1.90 የነበረ አንደር ዛሬ 1.70 ከሆነ አየሩ እዚያ ውስጥ አለ። ሰው ግን ቁጥሩን ብቻ አይቶ ኦዱን አያይም።

ሌላው ዝናብ ሲያቋርጥ ያለው ጭቅጭቅ ነው። ቤዝቦል በከባድ ዝናብ አይጫወቱም፣ ሜዳውን ሸራ አልብሰው ይጠብቃሉ። 5 ኢኒንግ ካለፈ ጨዋታው እንደተካሄደ ተቆጥሮ አሸናፊ ሊኖረው ይችላል። የጠቅላላ ነጥብ ቲኬት ግን በብዙ ቤቶች ደንብ 9ኙ ኢኒንግ ካላለቀ፣ ወይም ባለሜዳው እየመራ 8 ተኩል ካልደረሰ፣ ተሰርዞ ብር ይመለሳል። ሰው መጥቶ «ጨዋታው አልቋል፣ አንደሬ ገብቷል፣ ክፈለኝ» ይላል። ደንቡን ከመቁረጡ በፊት ያነበበ አላጋጠመኝም። ደንቡ ከቤት ቤት ስለሚለያይ የራስህን ቤት አንብብ።

ሜትሮ

ቆራጭ ያለው ልክ ነው። በዝናብ ማቋረጥ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። አንድ ሰዓት ገደማ ከተቋረጠ ጨዋታውን የጀመረው ወርዋሪ ብዙ ጊዜ አይመለስም፣ ክንዱ ስለቀዘቀዘ አሰልጣኙ አይደፍርም። ተቀያሪዎቹ ቀድመው ይገባሉ። የተሻለው ወርዋሪ ከወጣ ድምሩ ወደ ላይ ሊሄድ ይችላል። ዝናብ እዚያ ላይ ከአየሩ ይልቅ በሰዎቹ በኩል ነው የሚሠራው።

ሳራ ከአራት ኪሎ

ሜትሮ አንድ ጥያቄ። ወንድሜ «ዴንቨር ላይ ኳስ ከሁሉም ሜዳ በላይ ትሄዳለች፣ ከፍታ ስለሆነ» ይላል። እኛ ከዴንቨር እንበልጣለን አይደል? እዚህ ቤዝቦል ቢጫወቱ ምን ይሆን ነበር?

ሜትሮ

እንበልጣለን። ዴንቨር 1,600 ሜትር ነው፣ እኛ መሐል ከተማ ላይ 2,350 ገደማ ነን። አየሩ ባሕር ዳርቻ ካለው በአምስት አንድ እጅ ያህል ይሳሳል። ዴንቨሮች በ2002 (በፈረንጅ) ኳሶቻቸውን እርጥበቱ የተጠበቀ ክፍል ውስጥ ማስቀመጥ ጀመሩ። ደረቁ አየር ኳሱን አድርቆ እንዲነጥር ያደርገው ነበር። ያም ሆኖ ነጥብ የሚበዛበት ሜዳ ነው።

የኛን ለመገመት ሜክሲኮ ሲቲን እይ። 2,240 ሜትር ነው፣ ከኛ ጋር ይቀራረባል። በሚያዝያ 2023 (በፈረንጅ) ሳንዲዬጎና ሳንፍራንሲስኮ እዚያ ተጫወቱ፣ 16 ለ 11 አለቀ። 11 ሆምራን ተመታ።

አንድ የሚረሳ ነገር አለ። አየሩ ሲሳሳ ነፋሱም ይሳሳል። አዲስ አበባ ላይ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ ነፋስ ቺካጎ ላይ በዚያው ፍጥነት ከሚነፍሰው ያነሰ ይገፋል። ስለዚህ የአንዱን ሜዳ ስሌት ወደ ሌላው እንዳለ መገልበጥ አይቻልም።

የጃንሜዳ በረኛ

ለዚህ ነው ከቆላ የሚመጡ በረኞች እዚህ የመጀመሪያ ቀን ከሩቅ የተመታች ኳስ የምታመልጣቸው። ትደርሳለች ባሉበት ሰዓት ደርሳ አልፋለች። ስትታጠፍም ከለመዱት ያነሰ ነው የምትታጠፈው።

ካዛንቺስ 10

እሺ የጎን ነፋስስ? ሪግሊ ላይ ከግራ ወደ ቀኝ ቢነፍስ ኦቨር ነው አንደር?

ሜትሮ

እሱ ላይ እኔም ከጓደኞቼ ጋር አልተስማማሁም። በአንድ በኩል ያሉትን መቺዎች ያግዛል፣ በሌላው በኩል ያሉትን ይጎዳል። ስለዚህ ማን እንደሚመታና ወዴት መምታት እንደሚያበዛ ሳይታይ በነፋሱ ብቻ አይፈረድም። አንዳንዶቹ የጎን ነፋስ ተከላካዩን ስለሚያደናግር ትንሽ ወደ ኦቨር ይገፋል ይላሉ። እኔ ቁጥሩን እንዳይነካ ነው የማደርገው።

ቆራጭ

እኔ ያየሁት የጎን ነፋስ ሲሆን ቁጥሩ ብዙም አይነቃነቅም። የኛዎቹ ግን ስልካቸው ላይ «ነፋስ 30» ብቻ አይተው ይመጣሉ፣ አቅጣጫውን ሳያዩ።

የፒያሳው ልጅ

ለቅዳሜ ሜታር ማንበብ እሞክራለሁ፣ ሳልቆርጥ፣ ለማየት ብቻ። ሜትሮ፣ እንግሊዝ ላይ ስታዲየሞቹ ወዴት እንደሚያዩ ከየት ነው የማገኘው?

ሜትሮ

ከሳተላይት ካርታ። ስታዲየሙን ፈልግና ጎሎቹ በየትኛው አቅጣጫ እንዳሉ እይ። ካርታው ላይ ላይኛው በኩል ሰሜን ነው። ከዚያ የሚቀርበውን አየር ማረፊያ ሜታር ክፈት፣ ለማንቸስተር EGCC፣ ለሊቨርፑል EGGP ነው። ነፋሱ ከጎል ወደ ጎል ከሆነ ጻፈው፣ ከጎን ከሆነም ጻፈው። ቅዳሜ ማታ እዚሁ አምጣው፣ አብረን እናያለን።